በጽሑፍ አንደኛ፣ በኢንተርቪው መጨረሻ፦ ነጥቡ የሚጣመመው የት ላይ ነው?

የቅጥር ውጤት በተለጠፈ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣው ሰው በኢንተርቪው ወድቆ ይገኛል። በጽሑፍ ከኋላ የነበረው ደግሞ ተቀጥሯል። ወሬው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሰው አለው» ይላል። ሌላው «ወረቀት ላይ መጻፍና ሥራ መሥራት ይለያያል፤ ኮሚቴው ሰውየውን በዓይኑ አይቶታል» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ናቸው። በዘመድ መቀጠር አለ። ፈተና ጎበዝ ሆነው ሥራ ላይ የሚቸገሩ ሰዎችም አሉ። ግን በሁለቱ መሃል ብዙም የማይወራ ሦስተኛ ነገር አለ። ማንም ስልክ አልደወለም፣ ማንም አልተማለደም፣ ሦስት ቅን ሰዎች ተቀምጠው ጠየቁ፤ ነጥቡ ግን ተጣመመ። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ሦስተኛው ነገር ነው። በተለይም ስለ አንዲት ቅጽበት፦ ጠያቂው እስክሪብቶውን አንስቶ ቁጥር ስለሚጽፍባት ቅጽበት።

አንድ ክፍት ቦታ፣ ሁለት አመልካቾች

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት አካውንታንት ይፈልጋል እንበል። የጽሑፍ ፈተናው 60 ነጥብ፣ ኢንተርቪው 40 ነጥብ ይይዛል። አምስት ሰዎች ለኢንተርቪው አልፈዋል። የሁለቱን ብቻ እንከተል። በኮዳቸው 02 እና 04 እንበላቸው። 02 በጽሑፍ 45 አምጥቷል። 04 ደግሞ 51 አምጥቶ አንደኛ ነው።

02 ሲገባ ፈገግ ብሎ ሦስቱንም ጠያቂዎች በአንገቱ ሰላም ብሎ ተቀመጠ። «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» ሲባል ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። 02 ሰብሳቢውም የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ሲጠራ እሳቸው ቀና አሉ። «ዶርሙ አሁንም ውሃ የለውም?» ብለው ቀለዱ። ሁሉም ሳቁ።

04 የገባው ከሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ራሱን ሲያስተዋውቅ ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት፣ ሁለት ጊዜ «ይቅርታ» አለ። ከመሃል አንዷ ጠያቂ ስልካቸውን አየት አደረጉ።

ቀጥሎ ለሁለቱም አንድ የሙያ ጥያቄ ቀረበ። «የባንክ ስቴትመንቱ 482,300 ብር ይላል። የእኛ ሌጀር 497,800 ይላል። ልዩነቱን ከየት ጀምረህ ትፈልጋለህ?»

02 ሳያመነታ መለሰ። «በመጀመሪያ ያልተመነዘሩ ቼኮችን አያለሁ» አለ። ስለ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም የባንክንና የመዝገብን ሂሳብ ስለ ማስታረቅ፣ ጥሩ ማብራሪያ ጨመረ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

04 ወረቀት ለመነና ቀነሰ። «ልዩነቱ 15,500 ነው። የኛ ስለሚበልጥ መጀመሪያ እኛ ገቢ ብለን መዝግበን ባንኩ ገና ያልያዘውን ነው የማየው። ከዚያ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ፣ ደረቅ ቼክም ካለ…» አለ። ድምፁ እየወረደ ሄደ። «አሃዝ ተገላብጦ ቢሆን ልዩነቱ ለ9 ይካፈል ነበር፤ አይካፈልም» ብሎ ጨረሰ። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር የሰማት ያለ አይመስልም።

አሁን ልብ በሉ። ያልተመነዘረ ቼክ እኛ ወጪ ብለን የመዘገብነው፣ ባንኩ ግን ገና ያልከፈለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የባንኩን ቀሪ ሂሳብ ነው ከፍ የሚያደርገው። እዚህ ከፍ ያለው ሌጀሩ ነው። 02 የጀመረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። 04 ትክክል ነበር። ሦስቱም ጠያቂዎች ይህን የሚያውቁ የሂሳብ ሰዎች ናቸው። ቢነገራቸው በአንድ ሰከንድ ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ጆሯቸው መልሱ ላይ አልነበረም።

ከሌሎች ሦስት ጥያቄዎች በኋላ አመልካቹ ወጣ። ጠያቂዎቹ የተለመደውን ፎርም ሞሉ። የሥራ ዕውቀት ከ10፣ የመግባባት ችሎታ ከ10፣ ችግር የመፍታት ችሎታ ከ10፣ በራስ መተማመን ከ5፣ አለባበስና አቀራረብ ከ5። የ02 አማካይ 9፣ 9፣ 8፣ 5፣ 5 ሆኖ 36 መጣ። የ04 ደግሞ 6፣ 5፣ 6፣ 3፣ 3 ሆኖ 23። ከጽሑፉ ጋር ሲደመር 02 81፣ 04 74። አንደኛው ተገለበጠ።

አምስት ሳጥን፣ አንድ ስሜት

በፎርሙ ላይ አምስት የተለያዩ መለኪያዎች አሉ። ቁጥሮቹን ግን እንደገና እዩዋቸው። የ02 ሁሉም ጣሪያው አጠገብ ናቸው። የ04 ሁሉም መሃል ላይ ተጎልተዋል። አምስት ነገር የተለካ ይመስላል እንጂ የተለካው አንድ ነገር ነው። እሱም «ወደድነው ወይስ አልወደድነውም» የሚል ነው። ከዚያ ያ አንድ ስሜት ለአምስት ሳጥን ተከፋፈለ።

ይህ ሃሎ ኢፌክት ይባላል። ሃሎ ማለት በቅዱሳን ሥዕል ላይ ራስን ከቦ የሚሳለው አክሊለ ብርሃን ነው። አንድ ጥሩ ነገር የሰውየውን ሌላውንም ነገር ሁሉ ያበራዋል ለማለት ነው። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1920። የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በቁመና፣ በማሰብ ችሎታ፣ በመሪነትና በጸባይ ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር። ቶርንዳይክ ነጥቦቹን ሲያያቸው ከሚገባው በላይ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ቁመናው ያማረ መኮንን ጭንቅላቱም ይበልጥ የበራ ሆኖ ተገኘ።

ተቃራኒውም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የቀንድ ውጤት ይሉታል። ለእኛ ግን የተሻለ ምስል አለን። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሳላሉ። ክፉዎች ግን ፊታቸው በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ነው የሚሳሉት። 04 ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ በጎን ተሳለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ በግማሽ ነው የታየው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ መከራከሪያ አለ። ጎበዝ ሰው በብዙ ነገር ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ነጥቦች መቀራረባቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም። ልክ ነው። ስለዚህ አንድ ፎርም አይቶ «ይህ ሃሎ ነው» ማለት ያስቸግራል። የሃያ አመልካች ፎርም ጎን ለጎን ቢደረደር ግን ነገሩ ይታወቃል። በሥራ ዕውቀት 9 አግኝቶ በአቀራረብ ዝቅ ያለ አንድም ሰው ከሌለ፣ ጥሩ ለብሶ በዕውቀት የወደቀም ከሌለ፣ ፎርሙ ሰዎችን ሳይሆን ስሜትን እየመዘገበ ነው።

የሃሎ ክፋቱ ለባለቤቱ አለመታወቁ ነው። ኒስቤትና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን በግልጽ አሳዩ። አንድ የቤልጂየም ቅላጼ ያለው መምህር ሁለት ቪዲዮ ተቀረጸ። በአንዱ ለተማሪ የሚራራና ደስ የሚል ሆኖ ይመልሳል፤ በሌላው ቀዝቃዛና ጥርጣሬ የበዛበት ሆኖ። ግማሹ ተማሪ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን አየ። የመጀመሪያዎቹ ቅላጼውንም፣ መልኩንም፣ ሁኔታውንም ወደዱለት። የኋለኞቹ ያንኑ ቅላጼ የሚያናድድ አሉት። ተማሪዎቹ ለምን እንደጠሉት ሲጠየቁ ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። ቅላጼው ደስ ስላላላቸው ነው የጠሉት መሰላቸው። ስሜቱ ምክንያቱን ፈጠረ፤ እነሱ ግን ምክንያቱ ስሜቱን እንደፈጠረ አመኑ። አንድ ጠያቂ «እኔ እኮ በአነጋገሩ ነው የቀነስኩበት» ሲል ይህንን ማስታወስ ይጠቅማል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የመሰለውን እየተናገረም ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ያደርጋሉ?

«ኢንተርቪው በአራት ደቂቃ ያልቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ከድሮ ጥናት የመጣ ነው፤ የተጋነነም ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አብዛኛው ጠያቂ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ገና እንዳልወሰነ ያሳያሉ። ችግሩ ውሳኔው ቶሎ ማለቁ አይደለም። የመጀመሪያው ስሜት ቀጣዩን ንግግር መምራቱ ነው።

እንዴት? 02 ሲሳሳት ጠያቂው ይረዳዋል። «ማለትህ ልዩነቱን ለይተህ ታስታርቃለህ ነው፣ አይደል?» ይለዋል። እሱም «አዎ» ይላል። ያ «አዎ» እንደ መልስ ይቆጠርለታል። 04 ዝም ሲል ግን ዝም ይባላል፤ ወይም «እሺ፣ ወደሚቀጥለው እንሂድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የተሠራ የታወቀ ሙከራ ይህን ለክቷል። ነጭ ጠያቂዎች ጥቁር አመልካች ሲመጣላቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ሲናገሩ ይበልጥ ተደነቃቀፉ፣ ኢንተርቪውንም ቶሎ ጨረሱ። በሁለተኛው ዙር ተመራማሪዎቹ ነገሩን ገለበጡ። ጠያቂዎቹን አሠልጥነው ነጭ አመልካቾችን በዚያው በራቀ መንገድ እንዲጠይቁ አደረጉ። እነዚህም አመልካቾች ያለወትሯቸው ተርበተበቱ፣ ደካማ ሆነውም ታዩ። ጠያቂው የጠበቀውን ራሱ ሠርቶ አገኘው ማለት ነው።

ለዚህ ነው «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» የምትለው ጥያቄ አደገኛ የምትሆነው። ነጥብ የላትም፤ «ለማቀራረብ ብቻ ነው» ይባላል። ግን ከሁሉ በፊት የምትመጣው እሷ ናት። መመዘኛ የሌላትም እሷ ናት። ነጥብ የሌለው ጥያቄ ነጥቡን ሁሉ ያቀልማል።

«አገርህ የት ነው?»

የዩኒቨርሲቲው ቀልድ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰብሳቢው ለ02 ማዳላታቸውን አያውቁም፤ ቢነገራቸውም ይቆጣሉ። የተሰማቸው አድልዎ አልነበረም። የተሰማቸው «ይህ ልጅ ይገባዋል» የሚል ነው። መመሳሰል የሚሠራው እንዲህ ነው። የሚመስለንን ሰው ሐሳብ ለመረዳት ብዙ አንደክምም። ያ መቅለል እንደ ሰውየው ብቃት ሆኖ ይሰማናል።

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዋ ሎረን ሪቬራ በአሜሪካ ትልልቅ የሕግ፣ የባንክና የማማከር ድርጅቶች የሚቀጥሩ 120 ሰዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ቀጣሪዎቹ ችሎታን ብቻ አልነበረም የሚፈልጉት። አብሯቸው ጊዜ ቢያሳልፍ ደስ የሚላቸውን፣ የትርፍ ጊዜ ልማዱና አነጋገሩ የእነሱን የሚመስለውን ይመርጡ ነበር። ብዙዎቹ ይህን እንደ ጥፋት አላዩትም። «ከእኛ ጋር ይሄዳል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በእኛ አገር መመሳሰልን የሚገልጡ ምልክቶች ብዙና ቅርብ ናቸው። ስም ከነአባት፣ የአማርኛ ቅላጼ፣ አንገት ላይ ያለ ማተብ፣ ሻሽ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት። ጨዋታ ለመጀመር የሚጠየቀው «አገርህ የት ነው?» ደግሞ በራሱ ሌላ ፈተና ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በመሳሰሉት በቅጥር ላይ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። በተግባር ግን ለመያዝ የሚቀለው የተጻፈ ወይም የተነገረ አድልዎ ነው። ከ«የመግባባት ችሎታ» ፊት የተጻፈች 9 ከየት እንደመጣች ማን ያውቃል?

40 ነጥብ ሁልጊዜ 40 አይደለም

ብዙ ሰው «ጽሑፉ 60 ስለሆነ ዋናው እሱ ነው» ብሎ ያስባል። ስሌቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የሚወስነው ከስንት መታሰቡ ሳይሆን ነጥቦቹ ምን ያህል መራራቃቸው ነው።

ለኢንተርቪው ያለፉት አምስቱ በጽሑፍ 45፣ 46፣ 48፣ 49 እና 51 ነበሩ እንበል። ከላይ ተቆርጠው የቀሩ ስለሆኑ ተቀራራቢ ናቸው። በትልቁና በትንሹ መሃል ያለው 6 ነጥብ ብቻ ነው። በኢንተርቪው ግን ከ23 እስከ 36፣ የ13 ነጥብ ርቀት አለ። ስለዚህ በስም 40 የሆነው ኢንተርቪው በተግባር ከ60ው በእጥፍ በላይ ይጎትታል። በጽሑፍ የመጨረሻ የነበረው አንደኛ የሚሆነው በዚህ ነው። በመሃሉ ማጭበርበር የግድ አያስፈልግም። የአንድ ስሜት ነጥብ በአምስት ሳጥን ተደምሮ መምጣቱ ይበቃል።

ነጥቡ መቼ ይጻፍ?

«ጠያቂዎችን ስለ አድልዎ ማሠልጠን» የሚለው መፍትሔ ቀድሞ ይመጣል። አይጎዳም። ብቻውን ግን ብዙ አይፈይድም፣ ምክንያቱም ያሠለጠናችሁት ሰው ከሥልጠናው በኋላም ስሜቱን እንደ እውነት ነው የሚያየው። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፦ ስሜቱ ወደ ቁጥር የሚገባበትን መንገድ ማጥበብ።

ከዚህ ሐሳብ ጀርባ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 የ21 ዓመቱ ዳንኤል ካህነማን፣ በኋላ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ የምልምሎችን ኢንተርቪው እንዲያስተካክል ታዘዘ። የቀድሞው ጨዋታ ዓይነት ነበር። ጠያቂዋ ምልምሉን ታወራውና በመጨረሻ «ይህ ልጅ ይሆናል» የሚል ጠቅላላ ግምት ትሰጣለች። ግምቱ ምልምሉ በኋላ የሚያሳየውን ነገር አይተነብይም ነበር።

ካህነማን ስድስት ባሕርያት መረጠ። ለእያንዳንዳቸው ስለ እውነተኛ ኑሮ የሚጠይቁ ጥያቄዎች አዘጋጀ፦ ስንት ሥራ ሠርተሃል፣ ምን ያህል በሰዓቱ ትገኝ ነበር፣ ጓደኞችህን በስንት ጊዜ ታገኛለህ። ዋናዋ ትእዛዝ ግን ሌላ ነበረች። አንዱን ባሕርይ ጠይቀሽ ነጥቡን ከ1 እስከ 5 ጻፊ፤ ከዚያ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፊ። ሁሉን ሰምቶ በመጨረሻ መሙላት የለም። ጠያቂዎቹ ተቆጡ፤ ሮቦት አደረግኸን አሉት። ወራት አልፈው የአዛዦች ምዘና ሲመጣ አዲሱ መንገድ ከድሮው በብዙ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አካውንታንታችን እንመለስ። በዚህ መንገድ ቢሠራ ምን ይለወጥ ነበር? አንደኛ፣ «በራስ መተማመን» እና «አለባበስ» ከፎርሙ ይወጡ ነበር። አካውንታንቱ መድረክ ላይ አይወጣም። ሁለተኛ፣ አምስቱ ሳጥኖች በአራት ጥያቄዎች ይተኩ ነበር፣ እያንዳንዳቸው ከ10። ሦስተኛው ትልቁ ነገር ነው፦ ማንም አመልካች ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ ጥያቄ የመልስ መመዘኛ ይጻፍ ነበር።

ለባንኩ ጥያቄ እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ባንክ ደውዬ እጠይቃለሁ» ብቻ ካለ 2። የማስታረቅን አሠራር ካወቀ ነገር ግን አቅጣጫውን ካልለየ 4። ሌጀሩ ስለበለጠ ባንኩ ያልያዘውን ገቢ አስቀድሞ ካነሳ 7። በዚያ ላይ የባንክ ክፍያንና ደረቅ ቼክን ከጨመረ 9። የቱን ሰነድ እንደሚያወጣም ከተናገረ 10። ይህን ለመጻፍ ሦስት የሂሳብ ሰዎች አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል። ሲጽፉትም አንድ ነገር ይሆናል፦ ስለ መልሱ አቅጣጫ ሰው ሳያዩ ያስባሉ። የ02 ጥርት ያለ እንግሊዝኛ በዚያ ክፍል ውስጥ የለም።

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ጥያቄዎቹ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃልና ቅደም ተከተል ይነበባሉ። መልሱ እንዳለቀ ግማሽ ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጠያቂ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከቁጥሩ አጠገብ አመልካቹ ካላቸው ቃላት ጥቂቱን ያሰፍራል። «ቀልጣፋ ነው» ማስረጃ አይደለም። «ባንኩ ያልያዘው ገቢ አለ» ማስረጃ ነው። የጽሑፍ ውጤቱን ጠያቂዎቹ ባያውቁት ይመረጣል፤ እሱም የራሱ አክሊል አለው።

በዚህ ሁኔታ 02 4፣ 7፣ 6፣ 8 ያገኛል እንበል፤ 25። 04 ደግሞ 9፣ 6፣ 7፣ 5፤ 27። የ04 የመጨረሻዋ 5 እውነተኛ ድክመት ናት፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለ መጋጨት ሲጠየቅ አልሆነለትም። አሁን 02 በድምሩ 70፣ 04 ደግሞ 78። ቁጥሮቹ ወጣ ገባ ማለታቸውን ልብ በሉ። ሁለቱም የሚችሉትና የማይችሉት ነገር ያላቸው ሰዎች ሆነዋል።

ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገር

ይህ ሁሉ ተሠርቶም በመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ሊፈርስ ይችላል። አመልካቹ እንደወጣ ሰብሳቢው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አይደል?» ካሉ አለቀ። አለቃን በአደባባይ መቃወም ለአብዛኞቻችን ከባድ ነው። አንዱ ጠያቂ 5 ያላትን 7 ያደርጋታል። ፎርሙ ላይ ስርዝ ድልዝ ይታያል። ወይም ከነጭራሹ «ተነጋግረን እንሙላ» ይባልና ሦስቱም ፎርም አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ይወጣል። ሦስት ፎርም በነጥብ እስኪተካከል ድረስ ከተስማማ ጠያቂው ሦስት ሳይሆን አንድ ነበር።

መድኃኒቱ አሮጌ ነው። በቀድሞው ዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ዝቅተኛው ሹም ነበር፤ ንጉሡ የሚናገሩት መጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኢንተርቪውም ነጥቡ ተጽፎ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ ይነገራል፤ ታናሽ ይጀምራል፣ ሰብሳቢ ይጨርሳል። ውይይቱ በሁሉም ነጥብ ላይ መሆን የለበትም። በአንድ ጥያቄ ከሁለት ነጥብ በላይ የተራራቁ ካሉ እዚያ ላይ ብቻ ይነጋገራሉ። የሰማውን ቃል አስታውሶ የተሳሳተ ካለ ያርማል፤ የድሮዋ ቁጥር ሳትፋቅ አዲሷ ከምክንያቷ ጋር ትጻፋለች። የግድ መስማማት አያስፈልግም። አማካዩ ይወሰዳል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ሃያ ዓመት ሲቀጥር የኖረ ሰው «እኔ ሰው አውቃለሁ» ቢል አይገርምም። ችግሩ ያልቀጠራቸውን ሰዎች ሥራ አይቶ አለማወቁ ነው። ዓይኑ የሳተው ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ይሠራል፤ ለእሱ ማንም አይነግረውም። ስለዚህ ልምዱ እርማት አግኝቶ አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ክብደት አለው። ኢንተርቪው በመመዘኛ ታስሮ ሲደርቅ መመዘኛው ያላሰበው ነገር ይቀራል። ካህነማንም ጠያቂዎቹ ሲያምፁበት ለዚህ ቦታ ሰጠ። ስድስቱን ነጥብ ከጻፋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑና ምልምሉን ወታደር ሆኖ አስቡት፣ ከዚያ አንድ ነጥብ ስጡ አላቸው። ይቺ የጨፈኑባት ነጥብ ከስድስቱ ድምር ባልተናነሰ ትክክል ሆነች፤ እሱንም አስገርሞታል። ያ ዓይን ድሮም ነበረ፣ ድሮ ግን አልሠራም። የተለወጠው ቦታው ነው፤ አሁን የመጣው ከማስረጃው በኋላ ነው።

ነገሩን አናጋንነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያሰሉ፣ በመመዘኛ የተዋቀረ ኢንተርቪው ከኋላ የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ሆነ፤ ያልተዋቀረው 0.19። ሙሉ ትንበያ 1 ቢሆን ነው። ከሌላው በእጥፍ ይሻላል፤ ከፍጹም ግን ሩቅ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተግባራዊ ራስ ምታት አለ፦ ጥያቄ ይወጣል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቀ ጠዋት የገባው ወጥቶ በቴሌግራም ይለቀዋል። ከሰዓት የሚገባው ተዘጋጅቶ ይመጣል። ለዚህ በአንድ መመዘኛ የሚታረሙ ሁለት ሦስት መንትያ ጥያቄዎች ማዘጋጀት ይቻላል። ለምሳሌ ቁጥሮቹን ገልብጦ ባንኩ የሚበልጥበትን መጠየቅ። ያኔ «ያልተመነዘሩ ቼኮች» ትክክለኛው መነሻ ይሆናል፤ የጠዋቱን መልስ ሸምድዶ የመጣው ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። ሌላው አማራጭ የቀረውን ሰው ወጪና ገቢው በማይገናኝበት ክፍል ማቆየት ነው። አስቸጋሪ ነው፤ ግን አምስት ሰው ላይ ይቻላል።

ማዳላት የፈለገ ሰውስ? እሱን ይህ አሠራር አያቆመውም። ሆን ብሎ 4ን 9 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ብቻ ከ9ኟ አጠገብ የአመልካቹን ቃል መጻፍ አለበት፤ ከሁለቱ ጠያቂዎች ፎርም ጋርም ጎን ለጎን ትቀመጣለች።

ቅሬታ ሲመጣ

በመጀመሪያው አሠራር የወደቀው 04 ነበር እንበል፤ ቅሬታ አስገባ። የሰው ሀብት ክፍሉ ፋይሉን ሲያወጣ የሚያገኘው 6፣ 5፣ 6፣ 3፣ 3 የሚል ወረቀትና ሦስት ፊርማ ነው። «ለምን?» ቢባሉ ጠያቂዎቹ የሚሉት «አሳማኝ አልነበረም» ብቻ ነው። ያኔ «ሰው አለው» የሚለው ወሬ ውሸትም ቢሆን የሚያፈርሰው ወረቀት የለም።

በሁለተኛው አሠራር ቅሬታ የሚያስገባው 02 ይሆናል። እሱም ጥሩ እንደተናገረ ያስታውሳል፤ ሲነቀንቁለት አይቷል። ፋይሉ ይከፈታል። ጥያቄ 1፣ ሦስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ፣ 4፣ 3፣ 5። ከጎኑ «ያልተመነዘሩ ቼኮች ብሎ ጀመረ» ይላል። ከዚያ በታች፣ አመልካች ከመግባቱ በፊት የተጻፈውና የተፈረመበት መመዘኛ፦ አቅጣጫውን ካልለየ 4።